መነጽር በኦንላይን ልዘዝ ወይስ እዚሁ ጅማ ላሠራ?

«በኦንላይን አዝዤ ምንም አልሆንኩም» የሚል ሰው አለ። «ጭንቅላቴን ሊፈልጠው ነበር» የሚልም አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ የዓይናቸው ቁጥር ላይ ነው። በትንሽ ቁጥር የማይሰማ የአሠራር ስህተት በትልቅ ቁጥር ያንገሸግሻል። እኔ ሁለቱንም መንገድ አይቻለሁ። ማስመሪያና ማርከር ይዤ ቤቴም ለክቻለሁ። ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

ቁጥሬ ቀኝ ዓይን ማይነስ 4.00 ነው። ግራው ማይነስ 3.50 ሆኖ ሲሊንደር ማይነስ 0.75፣ አክሲስ 180 አለው። ሲሊንደር አስቲግማቲዝምን የሚያስተካክለው ነው። አክሲስ ደግሞ እሱ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚቀመጥ በዲግሪ ይናገራል። ማዘዣው ላይ ይህ ሁሉ ሲኖር አንድ ነገር ግን አልነበረም፤ ፒዲ። በሁለቱ ብሌኖች መሃል ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር ማለት ነው። ሐኪም ብዙ ጊዜ አይጽፈውም፤ መነጽሩን የሚሠራው ሰው ይለካዋል ተብሎ ነው የሚታሰበው። እዚህ የሚሠራ ከሆነ ልክ ነው። ሻጩ አዲስ አበባ ተቀምጦ በቴሌግራም የሚሸጥላችሁ ከሆነ ግን ማን ይለካው?

ኦንላይን ያየሁበት ምክንያት ቀላል ነው። ጅማ ያሉት መነጽር ቤቶች ፍሬም ምርጫቸው ትንሽ ነው፤ በቴሌግራም የወደድኩት ፍሬም ደግሞ ከነሌንሱ ዋጋው አንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንስ ነበር። የማዘዣውን ፎቶ ላክሁ፣ «ቁጥሩ ደርሶናል፣ በቴሌብር ይክፈሉ» አሉኝ። ስለ ፒዲ የጠየቀኝ የለም። ስለዚህ ለክቼ ራሴ ላክሁላቸው።

አለካኩ ይህን ይመስላል። ወንድሜ ክንድ በሚያህል ርቀት ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ዓይኖቻችን እኩል ከፍታ ላይ ናቸው። ሚሊ ሜትር ያለበትን ማስመሪያ አፍንጫዬ ላይ አሳረፈ። ቀኝ ዓይኑን ጨፍኖ በግራው ብቻ ያየኛል፤ እኔ ደግሞ ያንኑ የተከፈተ ግራ ዓይኑን አያለሁ። በዚህ ጊዜ ዜሮውን ቀኝ ዓይኔ ላይ ያስተካክላል። ከዚያ ማስመሪያው ሳይነቃነቅ ግራውን ጨፍኖ ቀኙን ይከፍታል። እኔም ወደተከፈተው ዓይኑ እዞራለሁ። አሁን ግራ ዓይኔ ላይ ያለውን ቁጥር ያነባል። ዓይን መቀያየሩ ትርፍ ነገር አይደለም። በሁለት ዓይኑ እያየ ከለካ፣ እኔም አፍንጫው ላይ ካፈጠጥኩ፣ ዓይኔ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ልኬቱ ሦስትና አራት ሚሊ ሜትር ያንሳል። እሱ የንባብ ፒዲ ነው እንጂ የሩቅ ፒዲ አይደለም።

አንድ ችግር ገጠመን። የእኛ ዓይን ጥቁር ስለሆነ ብሌኑ ከዙሪያው አይለይም። መላ አለው። ብሌኑን መፈለግ ትታችሁ ከቀኝ ዓይን ጥቁር ክብ የውጭ ጠርዝ እስከ ግራ ዓይን ጥቁር ክብ የውስጥ ጠርዝ ለኩ። ያው ርቀት ነው። ደጋግመን ለክተን 62 ሆነ። አዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ54 እስከ 74 ባለው ውስጥ ስለሚወድቅ ከዚያ የወጣ ቁጥር ካገኛችሁ ደግማችሁ ለኩ።

ከመክፈሌ በፊት ለሻጩ ሁለት መስመር ጻፍኩ። «የሩቅ ፒዲዬ 62 ነው። ሌንሱ ከዚህ ውጭ ከመጣ ምን ታደርጋላችሁ?» መልሱ «የኛ ስህተት ከሆነ እንቀይራለን፤ ካልወደዱት ግን በቁጥር የተቆረጠ ሌንስ አይመለስም» የሚል ነበር። ይህ ፍትሐዊ ነው። ለእኔ ዓይን የተቆረጠ ሌንስ ለሌላ ሰው አይሸጥም። እንዲህ ያለውን ቃል ግን ከመክፈል በፊት በጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል። ደረሰኙ ጀርባ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ማኅተም ካረፈ በኋላ ክርክሩ ሌላ ነው።

ዕቃው በመኪና መጣ፣ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩ። ፍሬሙ ያማረ ነው። ፊደሉም ጥርት ብሎ ይታያል። ትንሽ ቆይቶ ግን በሁለቱ ዓይኖቼ መሃል የሆነ ነገር ወደ ውጭ የሚጎትት ስሜት መጣ። አስተማሪ ነኝ፤ ከሰሌዳው ዞሬ ኋላ የተቀመጡትን ልጆች ሳይ ይብሳል። ወደ አጂፕ ሰፈር በእግሬ ስሄድ ከሩቅ የሚመጣው ባጃጅ አንዳንዴ ሁለት ይሆንብኝ ነበር፣ በተለይ ሲደክመኝ። የሚገርመው፣ ፈተና ሳርም ብዙም አይረብሸኝም።

«አዲስ መነጽር ነው፣ ትለምጂዋለሽ» አሉኝ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ያሉት በሙሉ። እውነት ነው፣ አዲስ ቁጥር መላመድ አለው፤ ግን በቀናት ውስጥ እየቀነሰ የሚሄድ ነው። የእኔ አልቀነሰም። አንድ ዓይኔን በእጄ ስሸፍን ደግሞ ጉተታው ወዲያው ይጠፋል። የትኛውንም ብሸፍን ያው ነው። ይህ ጥሩ ፍተሻ ነው። በአንድ ዓይን ብዥ የሚል ከሆነ የቁጥር ችግር ጠርጥሩ። እያንዳንዱ ዓይን ብቻውን ጥርት አድርጎ አይቶ አብረው ሲሆኑ ከተቸገሩ ግን ጥርጣሬው ሌንሶቹ የተቀመጡበት ቦታ ላይ ነው።

እያንዳንዱ ሌንስ ብርሃን ሳይታጠፍ የሚያልፍበት አንድ ማዕከል አለው። ያ ነጥብ ከብሌናችሁ ፊት መሆን አለበት። ከዚያ ውጭ የምታዩ ከሆነ ሌንሱ እንደ ፕሪዝም ይሠራል፤ ምስሉን ወደ ጎን ይገፋዋል። ማዕከሉን ቤት ውስጥ ማግኘት ይቻላል። የእኛ መስኮት ባለ መስቀል ብረት ነው። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ መነጽሩን በተዘረጋ ክንዴ ወደ መስቀሉ ያዝኩ። በሌንሱ ውስጥ የሚታየው ብረት ከሌንሱ ውጭ ካለው ጋር አይገጥምም፤ የተሰበረ ይመስላል። መነጽሩን ቀስ እያልኩ ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች አንቀሳቀስኩት። የቆመውም የተጋደመውም ብረት በሌንሱ ውስጥና ውጭ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሲሆኑ፣ መስቀለኛው የሚታይበት ቦታ የሌንሱ ማዕከል ነው። እዚያ ላይ በሰሌዳ ማርከር ነጥብ አደረግሁ። ማርከሩ በሳሙናና በውኃ ይለቃል። ሁለተኛውንም ሌንስ እንዲሁ። በነጥቦቹ መሃል ያለውን በማስመሪያ ስለካ 72 ሆነ።

ይህ ዘዴ አንድና ሁለት ሚሊ ሜትር ሊሳሳት ይችላል። አሥር ግን አይሳሳትም።

72 ከየት መጣ? መልሱ ፍሬሙ ላይ ተጽፏል። በክንዱ ውስጠኛ በኩል 54፣ 18፣ 140 የሚሉ ቁጥሮች አሉ። 54 የአንዱ ሌንስ ስፋት፣ 18 አፍንጫ ላይ የሚያርፈው ድልድይ፣ 140 ጆሮ ላይ የሚንጠለጠለው ክንድ ርዝመት ነው፤ ሁሉም በሚሊ ሜትር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደምሩ፤ 54 ሲደመር 18፣ 72። ይህ ከአንዱ ቀዳዳ መሃል እስከ ሌላው ቀዳዳ መሃል ያለው ርቀት ነው። የላክሁት 62 የትም አልገባም። የሌንሱን ማዕከል የፍሬሙ ቀዳዳ መሃል ላይ አድርገው ቆርጠውታል።

ጉዳቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። የአሥሩ ሚሊ ሜትር ልዩነት ለሁለት ሲከፈል ለእያንዳንዱ ዓይን 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር። ፕሪዝሙ በሴንቲ ሜትር የተለካው ርቀት በሌንሱ ቁጥር ሲባዛ የሚገኘው ነው። ቀኝ፦ 0.5 ሲባዛ በ4 ሁለት ይሆናል። ግራ፦ 0.5 ሲባዛ በ3.50፣ 1.75። አክሲሱ 180 ስለሆነ ሲሊንደሩ ወደ ጎን ምንም አይጨምርም። ድምሩ 3.75 ነው። አንድ የፕሪዝም ዳይኦፕተር ማለት በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ምስልን አንድ ሴንቲ ሜትር ማንሸራተት ነው። የአሜሪካው የመነጽር ደረጃ እንደ እኔ ላለ ቁጥር በሁለቱ ማዕከሎች ርቀት ላይ የሚፈቅደው ስህተት 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የእኔ አሥር ነበር።

የማይነስ ሌንስ ማዕከሎች ከብሌን ይልቅ ሲራራቁ ዓይኖች ወደ ውጭ እንዲከፈቱ ይገደዳሉ። ዓይን ወደ ውስጥ መግባት ይችልበታል፤ ወደ ውጭ መከፈት ግን ብዙም አቅም የለውም። የሩቁ ነገር የከበደኝና ንባቡ የቀለለኝ ለዚህ ነው። ሲነበብ ዓይን ድሮም ወደ ውስጥ መግባት ስላለበት ፕሪዝሙ ያንን ሥራ ቀነሰለት እንጂ አልጨመረበትም።

አሁን ይህንኑ ስህተት ማይነስ 1.00 ላለው ጓደኛዬ አስቡት። 0.5 ሲባዛ በ1፣ በየዓይኑ ግማሽ፤ ድምሩ አንድ። መነጽሩ ያው ስህተት አለበት፤ እሱ ግን ላይሰማው ይችላል። ሻጩ «እስከ ዛሬ ማንም ቅሬታ አላቀረበም» ሲለኝ ያመንኩት ለዚህ ነው።

ግራው ሌንስ ላይ አክሲሱንም በዚያው መስኮት አየሁት። መነጽሩን ፊት ላይ እንደሚደረገው አግድም ቀጥ አድርጌ ስይዘው የመስኮቱ ብረቶች በሌንሱ ውስጥ ሳይጋደሉ ቀጥ ብለው ታዩ። አክሲሱ ቢዛነፍ ኖሮ መስመሮቹ ይጋደሉ ነበር። በዚህ በኩል ሥራቸው ንጹሕ ነው። ይህ ፍተሻ የሚሠራው ግን አክሲሳችሁ 180 ወይም 90 ከሆነ ነው። 45 ዓይነት ከሆነ ትክክለኛው መነጽርም መስመሩን ያጋድላል፤ እሱን በማሽን እንጂ በመስኮት አታዩትም።

ለሻጩ በማርከር የተነጠበውን መነጽርና ማስመሪያውን ፎቶ አንስቼ ላክሁ። «እዚያው መነጽር ቤት በማሽን ያሳዩና ውጤቱን ይላኩልን» አሉ። ልክ ናቸው። እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ካሉት ወደ አንዱ መነጽር ቤት ሄድኩ።

ባለሙያው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። መነጽሩን የሌንስ ቁጥር የሚለካው ማሽን፣ ሌንሶሜትር ላይ አስቀመጡና ማሽኑ ራሱ ቀለም ነክሮ የሌንሱን ማዕከል ነጠበው። «ቁጥሩ ልክ ነው፤ ሲሊንደሩም ልክ ነው። ማዕከሉ ግን የት ሄደ ልጄ?» አሉኝ። 72 ነው አልኳቸው፤ ለክተው ሳቁ።

«ጋሼ፣ 62 ብዬ ጽፌ ለምን እንዲህ ተቆረጠ?»

«ሌንሱ አልበቃቸውም። ነይ ላሳይሽ።» ከካርቶን ውስጥ ያልተቆረጠ ክብ ሌንስ አወጡ። ፖስታው ላይ 65 ይላል፤ የክቡ ስፋት ነው። ፍሬሜን በሰያፍ ለኩት፤ ሰፊው ቦታ 57 ሚሊ ሜትር ነው። «ማዕከሉን 5 ሚሊ ሜትር ወደ አፍንጫ ለማምጣት ክቡ የዚያን እጥፍ፣ 10 ትርፍ ያስፈልገዋል። 67 ሆነ። ለጠርዙ ሁለት ጨምሪበት፤ 69። ባለ 65ቱ አይደርስም፤ በጆሮ በኩል ክፍት ይቀራል። ስለዚህ መሃል ለመሃል አድርገው ቆረጡልሽ።»

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ተፈታልኝ። መጀመሪያውኑ ፍሬሙ ለእኔ ሰፊ ነበር። ትልቅ ሌንስ ተፈልጎ በትክክል ቢቆረጥም እንኳ በማይነስ 4 ጆሮ በኩል ያለው ጠርዝ በጣም ይወፍራል። ስለዚህ ፍሬም ስትመርጡ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁጥሮች ደምራችሁ ፒዲያችሁን ቀንሱ። ቁጥራችሁ ትልቅ ከሆነ ልዩነቱ ከአራት ከአምስት ባይበልጥ ይመረጣል። ይህን ስሌት ከቤት ሳይወጡ፣ ሳይከፍሉ መሥራት ይቻላል። ፍሬሙ ላይ ያሉትን ቁጥሮች የማይነግራችሁ የኦንላይን ሻጭ ካለ እሱን እለፉት።

ጋሼ ሌላም ነገር አዩ። «ሌንሱ ጥሩ ነው፣ አይጣል። ትንሽ ፍሬም ምረጪና እዚያ ውስጥ ልቁረጠው» አሉኝ። 48 እና 16 የሆነ ፍሬም አነሳሁ። ድምሩ 64፤ ከ62 ጋር ያለው ልዩነት ሁለት፣ ለየዓይኑ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ። 54 ስፋት ያለው ሌንስ ወደ 48 ሲጠብ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ስላለው አንዷን ሚሊ ሜትር ማንቀሳቀስ ቀላል ነው። ከፍታውም በቃ። ለግራው ሌንስ ከመቁረጣቸው በፊት አክሲሱን በማሽኑ አይተው በቀለም አግድም መስመር አሰመሩበት፤ ሲቆረጥ ሌንሱ ዞሮ እንዳይዛነፍ ነው። የከፈልኩት የፍሬሙንና የመቁረጫውን ብቻ ነው።

ለሻጩ የማሽኑን ነጥብ ፎቶ፣ የራሳቸውን «እንቀይራለን» የሚል መልእክት ጨምሬ ላክሁ። ሌንሱን ላስቀር፣ የፍሬሙን ገንዘብ መልሱልኝ አልኩ። ተስማሙ። ፍሬሙን የላክሁበትን ግን ራሴ ከፈልኩ፤ ስለ መላኪያ መጀመሪያ አልተነጋገርንም ነበርና። እናንተ «የመመለሻውን መላኪያ ማን ይከፍላል?» የሚለውንም አብራችሁ ጠይቁ። ከጅማ አዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው። ውጭ አገር ከታዘዘማ መላኪያው፣ ጉምሩኩና መጠበቁ ተደምሮ መመለስ የሚባለው ነገር ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ሌንስ ሳይኖረው ፍሬም ብቻ መመለስ ግን ብዙ ጊዜ ቀላል ነው።

ይህን ስል የከተማችን መነጽር ቤት ሁሉ ጻድቅ ነው ማለቴ አይደለም። ከዚህ በፊት እዚሁ ከአንዱ ቤት ጸረ ነጸብራቅ ነው ተብሎ የተሸጠልኝ ሌንስ ምንም ሽፋን አልነበረውም። ፍተሻው ቀላል ነው። ሌንሱን ከአምፖል ስር ይዛችሁ ላዩ ላይ የሚታየውን የአምፖሉን ነጸብራቅ ተመልከቱ። ሽፋን ካለው ነጸብራቁ ደብዘዝ ብሎ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ይሆናል። እንደ መስታወት ነጭና ደማቅ ሆኖ ካበራ ሽፋን የለውም። ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ፣ ሻጩ ፊት አድርጉት። ከሱቅ መግዛት የሚሻለው ለዚህ ነው፤ ችግሩ ሲገኝ ሰውዬው እዚያው ቆሟል። መነጽሩን ገልብጣችሁ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትም። አንዱ በኩል ከተነሳ ፍሬሙ ተጣሟል፤ ባለሙያው በሙቀት አለስልሶ ያቀናዋል። በኦንላይን የተገዛውን ግን ማን ያቀናልሃል?

አሁን የእኔ ልማድ ይህ ነው። የፀሐይ መነጽርና ፍሬም ከኦንላይን እገዛለሁ፣ ቁጥሮቹን ደምሬ። ሌንሱን ጅማ አስቆርጣለሁ። ማይነስ ወይም ፕላስ 1 አካባቢ ያለው፣ ሲሊንደር የሌለው ሰው ፒዲውን በጽሑፍ ልኮ ከነሌንሱ ቢያዝ አልከለክለውም። ለእናቴ ግን በፍጹም አላዝም። የእሷ ከታች የንባብ መስኮት ያለው፣ ባይፎካል የሚባለው ነው። መስኮቱ የሚጀምርበት ከፍታ የሚለካው ፍሬሙ ፊቷ ላይ ካረፈና አፍንጫዋ ላይ ከተስተካከለ በኋላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የታችኛው የዓይን ሽፋን ጠርዝ ጋ ይደረጋል። ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ከወጣ ደረጃ ስትወርድ መስኮቱ እግሯ ስር ይገባባታል። መስመር ሳይታይበት ቁጥሩ ከሩቅ ወደ ቅርብ ቀስ በቀስ የሚቀየረው ፕሮግሬሲቭ ሲሆን ደግሞ ከፍታው ለእያንዳንዱ ዓይን ለየብቻ ከብሌን ስለሚለካ ስህተቱ ይበልጥ ይጎላል። ለዚህ እሷ ራሷ መጥታ መቀመጥ አለባት፤ ጋሼም ፍሬሙ ላይ በማርከር ነጥብ ያደርጉላታል።